ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከፈተው ፀጉር ቤት

ጥር የሠርግ ወር ነው። ፀጉር ለሚሠሩ ሴቶችም የዓመቱ ትልቁ ገበያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ያለው ቤት ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ካስክ፣ አንድ የፀጉር ማጠቢያ ገንዳና አራት ወንበሮች ተደርድረዋል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ደረጃው ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ይቀመጣሉ። የቤቱ ባለቤት ሌላ ክፍለ ከተማ ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ፀጉር ቤት መሆኑን የሰሙት በየካቲት ሲሆን፣ የነገራቸውም የሕንፃው የባለንብረቶች ማኅበር ሰብሳቢ ነው። ስልክ ደውሎ «እትዬ፣ ቤትዎን ለንግድ ነው እንዴ ያከራዩት?» አላቸው።

ይህ ታሪክ የአንዲት አከራይና የአንዲት ተከራይ ብቻ አይደለም። ከብዙ ተመሳሳይ ጉዳዮች ላይ አንዱን ወስጄ፣ ሌላውን ትቼ ያቀናበርኩት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሲነሳ አከራይ የሚሠራቸው ስህተቶች ይመሳሰላሉ። ተከራይም የምታነሳው መከራከሪያ ይታወቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚወስነው ቁም ነገር፣ ንግድ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለው ብቻ አለመሆኑ ነው። አከራይዋ ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ምን አደረጉ፣ ምንስ ሳያደርጉ ቀሩ የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል።

መጀመሪያ ውሉን እንክፈት። በእኛ አገር የተለመደው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ሁለት ገጽ አይሞላም። ከአንቀጾቹ አንዱ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ተከራይ ቤቱን ለመኖሪያነት ብቻ ይጠቀማል» ይላል። በዚህ ጉዳይም ውሉ ውስጥ አለ፤ ሁለቱም ፈርመውበታል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያስገድዳል። የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ተከራይ ያለ አከራይ ፈቃድ ቤቱን ከመኖሪያነት ውጭ ለሆነ ሥራ ማዋሏ ውሉን ለማቋረጥ ከሚያበቁ ምክንያቶች አንዱ ነው።

የሁለት ዓመቱን ነገር አከራዮች ችላ ይሉታል። ድሮ ውል ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ይፈረም ስለነበር፣ የማይፈልጉት ነገር ሲገጥማቸው «ውሉ ሲያልቅ ትወጣለች» ብለው ዝም ይሉ ነበር። አሁን ያ ዝምታ ውድ ነው። ውሉ ከተፈረመ ስድስት ወር ብቻ ከሆነው፣ ዝም ያለ አከራይ ገና ዓመት ተኩል ይጠብቃል።

በሕጉ ንባብ ከባዱ ቃል «ያለ ፈቃድ» የሚለው ነው፤ ጭቅጭቁ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ተከራይዋ ሥራውን የጀመረችው በመስከረም ነበር። መጀመሪያ ለጎረቤቶች ሹሩባ ትሠራ ነበር። አከራይዋ በኅዳር ለአንድ ጉዳይ ወደ ሕንፃው ሲመጡ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ካስክ አይተዋል፤ «ጎበዝ፣ ሥራ ጥሩ ነው» ብለው ሄደዋል። ይህን ተከራይዋ አትረሳውም። በየወሩም ኪራዩን ያለ አንዳች ተቃውሞ ተቀብለዋል። ታዲያ በየካቲት «አልፈቀድኩም» ሲሉ ተከራይዋ «አይተው አመሰገኑኝ፣ ስድስት ወር ኪራይ ተቀበሉኝ፤ ይህ ፈቃድ ካልሆነ ምንድን ነው?» ብትል ሳቅ የሚገባው መከራከሪያ አይደለም። ጉዳዩን የሚያዳምጥ ዳኛ ሁለቱን ነገሮች መለየት ይኖርበታል። ለጎረቤት ሹሩባ የምትሠራን ሴት ማየት ሌላ፣ ሁለት ካስክና ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ ያለበትን ቤት አውቆ መቀበል ሌላ ነው። ያንን ልዩነት የማስረዳት ሸክም ግን አከራይዋ ላይ ይወድቃል። ሸክሙም በዝምታ ያለፈ እያንዳንዱ ወር ሲጨመርበት ይከብዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማሰሪያ ደግሞ ሌላ ነው። ንግድ ፈቃድ ለማውጣት የሥራ አድራሻን የሚያሳይ የኪራይ ውል ስለሚጠየቅ፣ አንዳንድ ተከራይ «እትዬ፣ ለወረቀት ብቻ ነው» ብላ ለንግድ ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ውል ታስፈርማለች። ያንን የፈረመ አከራይ በኋላ «ለመኖሪያ ነው ያከራየሁት» ቢል ከገዛ ፊርማው ጋር ነው የሚጣላው። የዚህ ጉዳይ አከራይ እንደዚያ ያለ ወረቀት አልፈረሙም።

አሁን ወደ ደረጃው እንመለስ። ለመሆኑ ከቤት የሚሠራ ሥራ ሁሉ ይከለከላል? በልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ማታ ማታ የምትሠራ፣ ጥልፍ የምትጠልፍ፣ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሚተረጉም ሰው ቤቱን ከመኖሪያነት አላወጣውም። ችግሩ የሚመጣው ደንበኛ በር ሲያንኳኳ ነው። ሕንፃው የተሠራው በአንድ ደረጃ ቤት ለሚኖሩ ሰዎች እንጂ በቀን አሥራ አምስትና ሃያ እንግዳ ለሚወጣበት ሥራ አይደለም። የግቢው ጥበቃ ማንን አስገብቶ ማንን እንደሚመልስ አያውቅም። ቁጥር የተሳሳተ ደንበኛ የጎረቤት በር ያንኳኳል። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት ተራ የሚጠብቁ ሴቶችን እያለፉ ነው የሚወጡት።

ውሃው ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በዚህ ሳይት ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ነዋሪው የሚኖረው በሮቶ ነው። አንድ ጭንቅላት ታጥቦ፣ ኮንዲሽነር ተቀብቶ እንደገና እስኪታጠብ ሠላሳ ሊትር ያህል ይፈሳል ብንል፣ አሥራ ሁለት ደንበኛ በመጣ ቅዳሜ 360 ሊትር ማለት ነው። ሮቶው አንድ ሺህ ሊትር ከሆነና ሁለት ቤት ከተጋሩት፣ አንዱ ቤት በአንድ ቀን ከሲሶው በላይ ጨረሰ። የሚፈሰው ውሃ ፀጉርና ቅባት ይዞ ነው የሚወርደው። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች የመታጠቢያ ቤታቸው ፍሳሽ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ኋላ መመለስ የጀመረው ከጥር ወዲህ መሆኑን ይናገራሉ። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ መስመሩን ሲከፍት እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ፀጉር አወጣ፤ ግማሹ ሂውማን ሄር ነበር። ፎቶውን ያነሱት የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤት ናቸው። ከአከራይዋ ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው ይህ ፎቶ ሆነ።

መብራቱም አለ። ካስክ አንድ ኪሎዋት ያህል፣ ፎን ደግሞ እስከ ሁለት ኪሎዋት ይስባል። ሁለት ካስክ፣ አንድ ፎን፣ አንድ የውሃ ማሞቂያና ፒያስትራ አንድ ላይ ሲሠሩ ለመኖሪያ ቤት በተዘረጋ መስመር ላይ ሶኬት መጥቆሩ፣ ፊውዝ መዝለሉ አይቀርም። አከራይዋ በኋላ ቤቱን ሲያዩ የሳሎኑ ሶኬት ጠርዙ ቀልጦ አገኙት።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ነገር ያውቀዋል። አንቀጽ 1225 ባለንብረት በጭስ፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ ወይም በመንቀጥቀጥ ከመልካም ጉርብትና ወሰን አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጎረቤቶቹ የሚከሱት ሲያጡ ወይም ተከራይዋን መክሰስ ሲፈሩ ወደ ቤቱ ባለቤት የሚሄዱት ለዚህ ነው። የማኅበሩ ሰብሳቢም የደወለው የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ባለንብረቷን ስለሚጠይቃቸው ነው። እሳቸው በሕንፃው ላይ አይኖሩም፤ ግን ተጠያቂ ናቸው።

አከራይዋ ከስልኩ በኋላ መጀመሪያ ያሰቡት ብዙ ሰው የሚያስበውን ነው፤ ኪራይ መጨመር። «ከነገደች እንደ ንግድ ቤት ትክፈል» አሉ። ልጃቸው ነው የከለከላቸው፤ ልክ ነበር። ጭማሪ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሥራው እንዲቀጥል መፍቀዳቸውን በገዛ አንደበታቸው መናገራቸው ነበር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ጭማሪም በአዋጁ መሠረት አከራይ ባሻው ጊዜና ልክ የሚያደርገው ነገር አይደለም። ከዚህ የባሰም አለ። ጭማሪ ተጠይቃ እምቢ ያለች ተከራይ ከሳምንት በኋላ «ንግድ አቁሚ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳት፣ ደብዳቤውን የሚያይ ሁሉ ቅሬታው ገንዘብ መሆኑን ይጠረጥራል። መጠርጠሩም አይፈረድበትም፤ ያንን የሚያደርግ አከራይ ሞልቷል።

ሁለተኛው ሐሳባቸው ቁልፍ መቀየር ነበር። ይህኛው ከመጀመሪያውም ይከፋል። ተከራይዋ ቤቱን በእጇ አድርጋለች፤ ሕግ ይህን ይዞታ ይጠብቃል። ቁልፍ ቢቀየርባት፣ ውሃ ወይም መብራት ቢቆረጥባት፣ በአንቀጽ 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብላ ትከሳለች። ያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ፀጉር ቤቱ መሆኑ ቀርቶ ስለ ቁልፉ ይሆናል። እውነቱ ከአከራይዋ ጋር ሆኖ ሳለ ተከሳሽ ይሆናሉ።

ስለዚህ ሄደው አነጋገሯት። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት መርጠው ሄዱ፤ ይህም ብልህነት ነው። ሰው በደንበኞቹ ፊት ሲወቀስ ይከራከራል እንጂ አይሰማም። ቡና ተፈላ። ተከራይዋ «እትዬ፣ ሱቅ ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ያገኘሁትም የስድስት ወር ቅድሚያ ይላሉ። ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ?» አለች። ይህ ማምለጫ አይደለም። ሳሎን ለመክፈት ዕቃው ተገዝቶም የሱቁ ቅድሚያ ክፍያ ብቻውን የብዙ ወር ገቢ ይበላል። ለመኖሪያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ አዋጁ ገድቧል፤ ለንግድ ቤት ግን ያ ጥበቃ የለም። አከራይዋ ሰሟት፣ ስለ ውሃውና ስለ ፍሳሹ ነገሯት፣ የጎረቤቶቹን ስም ግን አልጠሩም። ከዚያ በተነጋገሩ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፉ።

ደብዳቤው ለምን አስፈለገ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ደንብ ነው። አንቀጽ 1775 ግን ግዴታው አንድን ነገር ያለማድረግ ከሆነ ማስጠንቀቂያ እንደማያስፈልግ ይናገራል። «ለንግድ አልጠቀምበትም» ማለት እንዲህ ያለ ግዴታ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አያጡም። ነገር ግን ለአከራይዋ የደብዳቤው ጥቅም ሌላ ነው። ደብዳቤው «ዝም ብለዋል» የሚለውን ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይዘጋል። ምን እንዲቆም እንደተጠየቀም ያስቀምጣል። በቃል ከሆነ አንዷ «ጠቅላላ አቁሚ አልኩ» ስትል ሌላዋ «ሰው አታብዢ ነው ያሉኝ» ትላለች።

የጻፉት ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ በተከራዩት መኖሪያ ቤት የሚካሄደው የፀጉር ሥራ እንዲቆም ስለመጠየቅ። በመካከላችን ባለው የኪራይ ውል አንቀጽ 4 ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ እንደሚያገለግል ተስማምተናል። ሆኖም ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ በቤቱ ውስጥ ደንበኞችን ተቀብለው የፀጉር ሥራ እየሠሩ መሆኑን የካቲት 18 ቀን አውቄያለሁ። ለዚህ ሥራ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ፈቃድ አልሰጠሁም። በሥራው ምክንያት የፍሳሽ መስመር ተደፍኗል፤ የጋራ ውሃ ማጠራቀሚያው ከልክ በላይ ይባክናል፤ ደረጃውም በደንበኞች ይጨናነቃል። ስለዚህ እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ደንበኛ ወደ ቤቱ ማስገባት እንዲያቆሙ፣ ማጠቢያ ገንዳውንና ካስኮቹን እንዲያነሱ፣ በቴሌግራም ያወጡትን የቤቱን አድራሻ እንዲያስወግዱ እጠይቃለሁ። በመኖሪያነት መቀጠልዎን አልቃወምም። እስከዚያ የምቀበለው ኪራይ የሥራው ፈቃድ ተደርጎ እንዳይታይ አስታውቃለሁ።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልብ ይሏል። ኪራይ የሚመለከተው የኅዳርን ዝምታ ለመጠገን ነው። «በመኖሪያነት መቀጠልዎን አልቃወምም» የሚለው ደግሞ ጥያቄው ተከራይዋን ማስወጣት አለመሆኑን ያሳያል፤ ይህ ከልብ ከሆነ ተከራይዋም በጭንቀት ከመከራከር ይልቅ መፍትሔ ትፈልጋለች። ቀኑም በዘፈቀደ አልተመረጠም። ፋሲካ ሚያዝያ ውስጥ ነበር፤ ከሁለት ወር ጾም በኋላ የሚመጣ ገበያ ነው። ከፋሲካ በፊት አቁሚ ማለት ሕጋዊ ቢሆንም አትቆምም። አድራሻ አስወግጂ ማለታቸውም ልክ ነው፤ የቴሌግራም ቻናሏ ላይ የሳይቱ ስም፣ የብሎኩና የቤቱ ቁጥር ከካርታ ምልክት ጋር ተለጥፎ ነበር። የዚያን ቅጂ አስቀርተዋል። ምክንያቱም «ጎረቤቶቼ ብቻ ናቸው የሚመጡት» የሚለውን ያፈርሳል።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ተከራይዋ በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ፈርማለች። አልፈርምም ብትል ኖሮ በሁለት ምስክር ፊት መስጠት፣ ምስክሮቹም በቅጂው ላይ ቀኑን ጽፈው እንዲፈርሙ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። የግቢው ጥበቃ ጥሩ ምስክር ይመስላል። ግን የማኅበሩ ቅጥረኛ ነውና ከተገኘ የማኅበሩ አባል ያልሆነ፣ ከሁለቱም ጋር ቅርበት የሌለው ሰው ይሻላል።

ከደብዳቤው በኋላ ያለው ጊዜ ነው የሚያስቸግረው። ሥራ በአንድ ቀን አይቆምም፤ መልኩን ይቀይራል። ተከራይዋ ምልክቷን አነሳች፣ ቻናሉ ላይ «በቀጠሮ ብቻ» ብላ ጻፈች። ደንበኞች በየሰዓቱ አንድ አንድ እየሆኑ መምጣታቸውን ቀጠሉ። ይህ ቆሟል ይባላል? አከራይዋ ይህን በደንብ አስበውበታል። በሳምንት ሦስት ጎረቤት ሹሩባ ተሠርታ ብትሄድ ቤቱ መኖሪያ መሆኑን አያጣም፤ ውሃውም ፍሳሹም አይሰማውም። ስለዚህ ማጠቢያ ገንዳው መነሳቱን መለኪያ አደረጉ። ገንዳው እስካለ ድረስ ሥራው ሳሎን ነው። በዚህ ላይ ሽማግሌ ገባ፤ የማኅበሩ ሰብሳቢና የተከራይዋ አጎት ተቀምጠው ሹሩባ ያለ ማጠቢያ፣ ቅዳሜና የበዓል ዋዜማን ሳይጨምር፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ሳይበልጥ እንድትሠራ ተስማሙ። እኔ ብሆን ይህን በቃል አልተወውም ነበር። እነሱ ግን በአንድ ገጽ ጽፈው ሦስቱ ፈረሙበት፤ በጽሑፉም ስምምነቱ የንግድ ፈቃድ አድራሻ ሆኖ እንደማያገለግል ተጠቀሰ።

ሽማግሌው ባይሳካ ቀጣዩ መንገድ ፍርድ ቤት ነበር። የሚቀርቡት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የተመዘገበው ውል፣ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ፣ የቻናሉ ቅጂ፣ የፍሳሹ ፎቶ ከቧንቧ ሠራተኛው ደረሰኝ ጋር፣ እና ሁለት ጎረቤት። ደረሰኙ ከሌለ ፎቶው የማንም ፀጉር ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶችም በስልክ «እንመሰክራለን» ብለው መጥሪያ ሲደርሳቸው ይቀራሉና አስቀድሞ ቁርጡን ማወቅ ይበጃል።

ተከራይዋ በግንቦት መጀመሪያ ከሕንፃው ትይዩ ካለች አንዲት ሳሎን ባለቤት ጋር ተነጋግራ አንድ ወንበር ተከራየች፤ ኪራዩን በወንበር ነው የምትከፍለው፣ ቅድሚያም አልተጠየቀችም። ካስኮቹንና ገንዳውን ይዛ ወርዳለች። የፍሳሽ መስመሩን ለማስከፈት የወጣውን ግማሹን ሰጠች፤ ግማሹን አከራይዋ ከፈሉ፤ መስመሩ ከመጀመሪያውም አርጅቶ እንደነበር ቧንቧ ሠራተኛው ነግሯቸው ነበርና። የቀለጠው ሶኬት ግን አሁንም አከራክሯቸዋል። ተከራይዋ ስገባም ልል ነበር ትላለች፤ ቤቱ ሲረከብ የዕቃው ዝርዝር ስላልተጻፈ ማን ልክ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።